በራውንድ ላይ ሦስት ደቂቃ፦ ለሲ ዋን ተማሪ የኬዝ ፕረዘንቴሽን አጻጻፍ

ውስጥ ደዌ አታችመንት ላይ ሲ ዋን ተማሪ ራውንድ ላይ የሚንተባተበው ብዙ ጊዜ ሂስትሪ መውሰድ ስላልቻለ አይደለም። ሂስትሪውን አራት ገጽ አድርጎ ይጽፋል። ጠዋት ደግሞ ያንኑ አራት ገጽ አልጋ ዳር ቆሞ ማንበብ ይጀምራል። ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ሲኒየሩ ቻርቱን ማገላበጥ ይጀምራል። ሦስተኛው ላይ "እሺ፣ ታዲያ ምንድን ነው ያላት?" ይላል። ተማሪው ገና የቤተሰብ ታሪክ ላይ ነው።

ሂስትሪ ሺቱ የተጻፈው ለቻርቱ ነው። ሁሉንም መያዝ አለበት። የራውንዱ ስክሪፕት ግን ራሱን የቻለ ሌላ ጽሑፍ ነው፤ የሚጻፈውም ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ነው። መጀመሪያ አሰስመንቱን ትጽፋላችሁ፤ ከዚያ እሱን የሚደግፈውን ወይም የሚፈታተነውን ብቻ ወደ ላይ ትሰበስባላችሁ። ከዚህ በታች ያለው በሙሉ በዚህ ቅደም ተከተል ነው የሚሄደው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። በየሆስፒታሎቻችን ፕረዘንቴሽኑ በእንግሊዝኛ ነው። እዚህ ምሳሌዎቹን በአማርኛ የጻፍኳቸው ቅደም ተከተሉና የተቆረጠው ነገር ጎልቶ እንዲታይ ነው። እናንተ ስትጽፉ በምትናገሩበት ቋንቋ ጻፉ። በአማርኛ ጽፎ አልጋ ዳር መተርጎም አያዋጣም።

ምሳሌያችን

አንዲት የ32 ዓመት ገበሬ ሴት ናት። ሩማቲክ የልብ ሕመም እንዳለባት ከታወቀ 6 ዓመት ሆኗታል። መድኃኒቷን አቁማ ጸበል ቆይታ፣ ትንፋሽ አጥሯትና እግሯ አብጦ ትናንት ማታ ገብታለች። ታሪኩ ለማስተማሪያ የተቀናበረ ነው። ነገር ግን ውስጥ ደዌ ዋርድ የቆየ ሰው ሁሉ እንዲህ ያለች ታካሚ አይቷል።

## ደረጃ 1፦ ከመጻፍ በፊት የሚዘጋጅ

1. የትኛው ዓይነት ፕረዘንቴሽን እንደሆነ ለዩ። አዲስ የገባ ታካሚ ከሆነ ሙሉ ስክሪፕት ያስፈልጋል፤ ሦስት ደቂቃ፣ ቢበዛ አራት። ሲኒየሩ ቀድሞ የሚያውቀው ታካሚ ከሆነ ግን የዕለቱን ለውጥ ብቻ ነው የሚፈልገው፤ አንድ ደቂቃ ይበቃል። ብዙ ተማሪ አራተኛ ቀኑን የያዘ ታካሚ እንደ አዲስ ከዕድሜና ከአድራሻ ይጀምራል።

2. ኢንተርኑን ወይም ሬዚደንቱን ጠይቁ። "ዶክተር፣ ነገ ራውንድ የሚያደርጉት ሲኒየር ሙሉ ሂስትሪ ነው የሚፈልጉት ወይስ አጭር?" በሉ። አንዳንድ ሲኒየር የማስተማሪያ ራውንድ ላይ ረጅሙን ይፈልጋል። ይህን ማታውኑ ማወቅ ይሻላል።

3. አንድ ወረቀት ለሁለት እጠፉ። ስክሪፕቱ ከግማሽ ገጽ ፊትና ጀርባ በላይ እንዳይሄድ ነው። ሙሉ ገጽ ከያዛችሁ ትሞሉታላችሁ።

4. የታካሚውን ስም አትጻፉ። የአልጋ ቁጥር ይበቃል። ወረቀቱ ካፌ ጠረጴዛ ላይ ሊረሳ ይችላል። ቻርቱን በስልክ ፎቶ ማንሳትም የለም።

5. ረቂቁን ማታ፣ ቁጥሮቹን ጠዋት። ራውንዱ 3 ሰዓት ላይ ከሆነ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ዋርድ ግቡ። ማታ ስትጽፉ ለቫይታል ሳይን፣ ለሽንት መጠንና ለአዲስ ላብራቶሪ ባዶ ቦታ ተዉ። ጠዋት የምትሞሉት እሱን ብቻ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ቫይታል ሳይን ሺቱ ላይ የተጻፈውን ዝም ብላችሁ አትገልብጡ። በተለይ የትንፋሽ ቁጥር። የሁሉም አልጋ 20 ወይም 22 ተብሎ ከተጻፈ ማንም አልቆጠረም ማለት ነው። ሙሉ አንድ ደቂቃ ራሳችሁ ቁጠሩ። የእኛ ታካሚ ሺቱ ላይ 22 ነበረች፤ ሲቆጠር 30 ሆነ።

## ደረጃ 2፦ መጨረሻውን መጀመሪያ ጻፉ

ወረቀቱን ገልብጡና ከግርጌው ጀምሩ። አሰስመንቱን በአንድ ወይም በሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉ። አራት ነገር ይኑረው፦ ማን ናት፣ ምን ሆነች፣ ምን ቀሰቀሰው፣ አሁን ምን ያህል ከባድ ነው።

ለታካሚያችን እንዲህ ይሆናል፦

> የታወቀ ሩማቲክ ከባድ ሚትራል ስቴኖሲስና ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ያለባት የ32 ዓመት ሴት፤ መድኃኒት በማቋረጥና በፈጣን የልብ ምት የተባባሰ የልብ ድካም ይዟት ገብታለች። ስትገባ ያለ ኦክስጅን ሳቹሬሽኗ 86 በመቶ ነበር።

እዚህ ላይ የሚሰነካከሉ ብዙ ናቸው። "የልብ ድካም" ብለው ያቆማሉ። ሲኒየሩ ቀጥሎ የሚጠይቀው የታወቀ ነው፤ "ለምን አሁን?" ስድስት ዓመት ከሕመሙ ጋር የኖረች ሴት ዛሬ የገባችው በሆነ ምክንያት ነው። መድኃኒት ማቋረጥ፣ ኢንፌክሽን፣ እርግዝና፣ የደም ማነስ፣ አዲስ የሪትም ለውጥ፣ የልብ ቫልቭ ኢንፌክሽን፤ አንዱ ወይም ሁለቱ ይኖራሉ። ቀስቃሹ አሰስመንቱ ውስጥ ካልገባ ስክሪፕቱ ምን መያዝ እንዳለበት ማወቅ አይቻልም።

ምርመራው ካልታወቀስ? ሲንድሮሙን ጻፉ። "ለ2 ሳምንት የቆየ ትኩሳትና ራስ ምታት፣ ከአንገት መገተር ጋር፤ ግንባር ቀደም ጥርጣሬዬ የቲቢ ማጅራት ገትር ነው" ማለት በቂ አሰስመንት ነው። ተሳሳተ ብሎ የሚቆጣ ሲኒየር ጥቂት ነው። ባዶ ትቶ መምጣት ግን ያስቆጣል።

## ደረጃ 3፦ ወንፊቱ

አሁን አራት ገጹን ሂስትሪ ሺት ከጎን አስቀምጡ። እያንዳንዱን መረጃ በዚህ ጥያቄ አሳልፉ፦ ይህ ባይኖር አሰስመንቴ ወይም ፕላኔ ይለወጥ ነበር? መልሱ አዎ ከሆነ ይገባል። አይ ከሆነ ሂስትሪ ሺቱ ላይ ይቆያል፤ ሲጠየቅ ትመልሳላችሁ።

በታካሚያችን ላይ እንሞክረው።

"የአራት ልጆች እናት ናት።" ብቻውን ይወጣል። ግን የመጨረሻ የወር አበባዋ መቼ እንደነበር ይገባል። እርግዝና ሚትራል ስቴኖሲስ ያለባትን ሴት ወደ ልብ ድካም ይከታል፤ ዋርፋሪን መስጠትንም ጥያቄ ውስጥ ይከታል።

"ሶዲየም 138፣ ፖታሲየም 3.3።" ሶዲየሙ ይወጣል፣ ፖታሲየሙ ይገባል። ዳይጎክሲን እንደገና ልትጀምር ነው፤ ፉሮሴማይድም እየወሰደች ነው። ፖታሲየም ዝቅ ባለበት ዳይጎክሲን መርዛማነቱ ይጨምራል። አንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን የተጻፉ ሁለት ቁጥሮች፣ አንዱ ይቀራል፣ አንዱ ይነገራል።

"አባቷ በደም ግፊት ሞተዋል።" ይወጣል።

"ጸበል ቆይታለች።" ይገባል፤ ግን ቦታው ወሳኝ ነው። ተማሪዎች ይህን በግል ታሪክ ሥር ይጽፉትና እዚያው ይቀራል። ታሪኩ ግን የሚጀምረው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ወደ ኤችፒአይ መጀመሪያ ይመጣል። ስትጠይቁም "ለምን አቆምሽ?" ብላችሁ አትጀምሩ፤ "ጸበል በነበርሽ ጊዜ መድኃኒቱን ትወስጂ ነበር?" በሉ። የመጀመሪያውን ስትጠየቅ ብዙ ሴት "ኧረ አላቆምኩም" ትላለች።

## ደረጃ 4፦ የመክፈቻው ዓረፍተ ነገር

አንድ ዓረፍተ ነገር፤ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ከዚህ ሕመም ጋር የሚገናኝ የታወቀ በሽታ፣ ዋና ቅሬታና ቆይታው። አድራሻ የሚገባው ለምርመራው ሲጠቅም ብቻ ነው። ለምሳሌ ወባ ካለበት ቆላ የመጣ ትኩሳት ያለበት ታካሚ ከሆነ። ሃይማኖትና የጋብቻ ሁኔታ ሂስትሪ ሺቱ ላይ ይቅሩ።

> የ32 ዓመት ሴት ናት። ላለፉት 6 ዓመታት በሩማቲክ የልብ ሕመም ክትትል ላይ ነበረች፤ ትናንት ማታ የገባችው ለ2 ሳምንት እየባሰ በሄደ የትንፋሽ ማጠር ነው።

ዋና ቅሬታ አንድ ይሁን። ትንፋሽ ማጠር፣ የእግር እብጠት፣ ሳል፣ ድካም፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት እያላችሁ አምስት አትደርድሩ። ወደ ሆስፒታል ያመጣትን ምረጡ። ሌላው በኤችፒአይ ውስጥ በራሱ ተራ ይመጣል።

ኤችአይቪና ካንሰርን በተመለከተ። ዋርዱ ውስጥ ጎረቤት አልጋ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነው፤ አስታማሚም አለ። ውጤቱን ጮክ ብላችሁ አትናገሩ። "አርቪአይ" ወይም "ማይቶቲክ" ማለት የተለመደ ነው፤ ግን ቆይተው የተኙ ታካሚዎችና አስታማሚዎች እነዚህን ቃላት ለምደዋቸዋል። የሚሻለው አልጋ ዳር ከመድረሳችሁ በፊት ኮሪደር ላይ መናገር ወይም ቻርቱን ገልጦ በጣት ማሳየት ነው።

## ደረጃ 5፦ ኤችፒአይን በጊዜ ቅደም ተከተል

ቀን አትጥቀሱ። "ጥቅምት 12 ላይ" ሲባል ሰሚው ሒሳብ መሥራት ይጀምራል። "ከመግባቷ 2 ሳምንት በፊት" በሉ። ሦስት ቦታ ላይ ብቻ ቁሙ፦ ከዚያ በፊት እንዴት ነበረች፣ ምን ተለወጠ፣ ምን ደረሰባትና መጣች።

መጀመሪያው ላይ አንድ የተለመደ ስህተት አለ። "እስከ 2 ሳምንት በፊት ሙሉ ጤነኛ ነበረች" የሚለው አባባል እንደ ጸሎት ይደገማል። 6 ዓመት የልብ ሕመም ያለባት ሴት ሙሉ ጤነኛ አልነበረችም። መናገር ያለባችሁ ምን ትችል እንደነበር ነው። ገበያ በእግሯ ትሄድ ነበር? ውሃ ቀድታ ዳገት ትወጣ ነበር? አሁንስ? ከዚህ የልብ ድካሟን ደረጃ ራሳችሁ ታወጣላችሁ።

ሌላ እኔን ሁሌ የሚያስቀኝ አለ፤ "ሦስት ትራስ ኦርቶፕኒያ"። ብዙ ታካሚያችን ቤቷ ውስጥ ሦስት ትራስ የላትም። ከመጽሐፍ የተቀዳ መሆኑን ሲኒየሩ ወዲያው ያውቃል። "ጋደም ስትዪ ያፍንሻል? ሌሊት ቁጭ ብለሽ ነው የምታድሪው?" ብላችሁ ጠይቁና የመለሰችውን ጻፉ።

የሌሉትን ምልክቶች መምረጥ። ፐርቲነንት ኔጌቲቭ የሚባለው የሲስተም ሪቪው ቅጂ አይደለም። አሰስመንቱ ላይ "ይህስ ቢሆን?" ለሚባል ለእያንዳንዱ አማራጭ አንድ ወይም ሁለት ይበቃል። በእኛ ታካሚ ሳንባ ምችንና የቫልቭ ኢንፌክሽንን ለማራቅ ትኩሳትና አክታ፣ የሩማቲክ ትኩሳት ማገርሸትን ለማራቅ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ዋርፋሪን ስላቆመች ደግሞ የአንድ ወገን መዛል። ከዚህ ውጪ "የሽንት ማቃጠል የለም፣ ቁርጠት የለም" እያሉ መሄድ ጊዜ መብላት ነው።

> ከዚህ በፊት ገበያ አንድ ሰዓት ያህል በእግሯ ሳታርፍ ትሄድ ነበር። ከመግባቷ 5 ሳምንት በፊት ጸበል ስትገባ ፉሮሴማይድ፣ ስፓይሮኖላክቶን፣ ዳይጎክሲንና ዋርፋሪን ሁሉንም አቆመች፤ ወርሃዊ የፔኒሲሊን መርፌዋም አልፏታል። ከ2 ሳምንት በፊት ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር፤ ባለፉት 4 ቀናት ልብስ ስትለብስም ያጥራታል፣ ቁጭ ብላ ታድራለች። እግሯ እስከ ጉልበት አብጧል፣ ልቧ ይመታባታል። ትኩሳት፣ አክታ ያለው ሳል፣ የመገጣጠሚያ ሕመምና የአንድ ወገን መዛል የለም። የወር አበባዋን ያየችው ከ2 ሳምንት በፊት ነው።

## ደረጃ 6፦ የአካል ምርመራ

ቫይታል ሳይን በቁጥር ይነገራል። "ስቴብል ናት" የሚባል ቫይታል ሳይን የለም። ከዚያ ከአሰስመንቱ ጋር የሚገናኙ ሲስተሞች ብቻ ይገባሉ። ሌላውን በአንድ ዓረፍተ ነገር "የተቀረው ምርመራ ጤናማ ነው" ብላችሁ ዝጉ። ይህን ማለት የምትችሉት ግን በእርግጥ ከመረመራችሁ ብቻ ነው።

> ትንፋሽ ያጥራታል፣ ቁጭ ብላለች። የደም ግፊት 100 በ70። ምት ከእጅ ላይ 104፣ ከልብ ላይ 128፣ ፍጹም ሥርዓት የሌለው። ትንፋሽ 30። ሙቀት 36.6። ሳቹሬሽን ያለ ኦክስጅን 86፣ በ3 ሊትር 94። ጄቪፒ ከፍ ብሏል። ሁለቱም ሳንባ ታችኛው ሲሶ ላይ ክሬፒቴሽን አለ። አፔክስ ላይ ሚድ ዳያስቶሊክ ሙርመር ይሰማል። ጉበት 4 ሳንቲ ሜትር ወጥቷል፣ ሲነካ ያማታል። እስከ ጉልበት የሚሰረጎድ እብጠት አለ። ጥፍር ሥር ደም የለም፣ ስፕሊን አይዳሰስም፣ እጅና እግር እኩል ጉልበት አላቸው።

የእጁና የልቡ ምት ልዩነት ለምን እንደገባ አስተውሉ። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ላይ ደካማ ምቶች እጅ ጋ አይደርሱም፤ ከእጅ ብቻ የቆጠረ ሰው ልቧ ምን ያህል እንደሚሮጥ አያውቅም። የመጨረሻው መስመርም እንዲሁ ለመሙላት የገባ አይደለም። የቫልቭ ኢንፌክሽንና ስትሮክ እንደተፈለጉ ያሳያል።

ሙርመሩን ካልሰማችሁስ? "አልሰማሁትም" በሉ። ከኢንተርኑ ኖት ገልብጦ ማቅረብ አደገኛ ነው፤ ሲኒየሩ "የት ነው የሰማሽው? ጋደም አድርገሻት ነበር?" ብሎ ሲጠይቅ ይጋለጣል። በነገራችን ላይ ይህ ሙርመር ታካሚዋ በግራ ጎኗ ስትተኛ በስቴቶስኮፑ ቤል ነው የሚሰማው። ትንፋሽ የሚያፍናትን ሴት ግን ለዚህ ብላችሁ በግድ አታስተኙ።

## ደረጃ 7፦ ላብራቶሪና ምስል

ያልተለመደውንና አማራጭ የሚያስወግደውን ብቻ። ቀድሞ ውጤት ካለ ከሱ ጋር አነጻጽሩ።

> ሄሞግሎቢን 11.8፣ ክሬአቲኒን 1.0፣ ፖታሲየም 3.3። አይኤንአር 1.1። የእርግዝና ምርመራ ኔጌቲቭ። ኢሲጂ ፈጣን ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ያሳያል። የደረት ራጅ ላይ ልብ ሰፍቷል፣ የሳንባ መጨናነቅ አለ፤ የሳንባ ምች ጥላ የለም። ከዓመት በፊት በተሠራ ኢኮ የሚትራል ቫልቭ ስፋት 0.9 ስኩዌር ሳንቲ ሜትር ነበር።

ያልመጣ ውጤት ካለ "ተልኳል፣ አልመጣም" በሉ። የላብራቶሪው ማሽን ተበላሽቶ ከሆነም ይነገር፤ ከውጭ ይሠራ ወይስ ይጠበቅ የሚለውን የሚወስኑት ሲኒየሮቹ ናቸው።

## ደረጃ 8፦ ፕላን

በደረጃ 2 የጻፋችሁት አሰስመንት እዚህ ይነበባል። ከዚያ ፕላኑ በችግር ተከፋፍሎ ይቀርባል። ሦስት ወይም አራት ችግር ይበቃል። የተጀመረውንና እናንተ የምታቀርቡትን ለዩ። ሲ ዋን ተማሪ ትእዛዝ አይጽፍም፤ ሐሳብ ግን ማቅረብ ይጠበቅበታል። ራውንዱ ሳይጀመር ኢንተርኑን አሳዩት።

> መጨናነቁን በተመለከተ፦ ኦክስጅንና ፉሮሴማይድ 40 ሚሊ ግራም በደም ሥር በቀን ሁለት ጊዜ ተጀምሯል፤ ሽንትና ክብደት በየቀኑ ይለካ። ፈጣን ምቱን በተመለከተ፦ ፖታሲየም እየተተካ ዳይጎክሲን እንዲመለስ ሐሳብ አቀርባለሁ። የደም መርጋትን ለመከላከል ዋርፋሪን ይመለስ፣ አይኤንአር ከ2 እስከ 3 እስኪደርስ ይከታተል። የፔኒሲሊን መከላከያ ይቀጥል፤ ሁኔታዋ ከባድ ስለሆነ አሁን በመርፌ ይሁን ወይስ በአፍ የሚለውን ልጠይቅ እወዳለሁ።

የመጨረሻው ጥያቄ እውነተኛ ጥያቄ ነው። ከባድ የቫልቭ ጥበት ያለባቸውና ልባቸው የተዳከመ ታካሚዎች ከቤንዛቲን መርፌ በኋላ በድንገት ሊወድቁ እንደሚችሉ ስለሚታወቅ፣ ለእነሱ በአፍ የሚሰጠው ይመረጣል። እንዲህ ዓይነት አንድ ጥያቄ በስክሪፕቱ ውስጥ ይኑራችሁ። ሲኒየሩ ውይይቱን ከእሱ ሊጀምር ይችላል፤ ያን ጊዜ ውይይቱ የሚሆነው በምታውቁት ነገር ላይ ነው።

## ደረጃ 9፦ ጮክ ብሎ ማንበብና መቁረጥ

ስልካችሁ ላይ ሰዓት ቆጣሪ ከፍታችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። በልብ ማንበብ አይቆጠርም፤ ሁልጊዜ ያጥራል። በእንግሊዝኛ በተረጋጋ ንግግር በደቂቃ ከ120 እስከ 140 ቃል ይሄዳል። ስለዚህ ለሦስት ደቂቃ 400 ቃል ጣሪያ ነው።

አራት ደቂቃ ከወጣ ፈጥናችሁ ለማንበብ አትሞክሩ። ቁረጡ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

1. ጤናማ የላብራቶሪ ውጤቶች
2. ከአሰስመንቱ ጋር የማይገናኙ "የለም" የሚሉ ምልክቶች
3. የቆየና ያበቃ የሕክምና ታሪክ
4. ሁለት ጊዜ የተነገረ ነገር (እብጠት በኤችፒአይም በምርመራም ተዘርዝሮ ከሆነ አንዱ ጋ አሳጥሩ)

አሰስመንቱን ለማሳጠር ብላችሁ አትንኩት።

ከዚያ ከሙሉው ስክሪፕት ላይ ቁልፍ ቃላትና ቁጥሮችን ብቻ በትንሽ ቁራጭ ወረቀት ጻፉ። አልጋ ዳር የምትይዙት ይህን ነው። ሙሉውን ከያዛችሁ ዓይናችሁ ከወረቀቱ አይነሳም። ቁጥር በቃል ለመያዝ ግን አትጨነቁ፤ ተመልክቶ ማንበብ ነውር የለውም።

## አልጋ ዳር ሲበላሽ

ሲኒየሩ መሃል ላይ አቋርጦ ጠየቀ። ለጥያቄው ብቻ መልሱ፤ ከዚያ ካቆማችሁበት ቀጥሉ። ወደ መጀመሪያው አትመለሱ። ቁራጭ ወረቀቱ ላይ አውራ ጣታችሁን የደረሳችሁበት መስመር ላይ አድርጉ።

ያልጠየቃችሁትን ነገር ተጠየቃችሁ። "አልጠየቅኳትም ዶክተር፤ ከራውንድ በኋላ ጠይቄ አሳውቃለሁ" በሉ፣ አሳውቁም። "የለባትም" ብሎ መገመት ግን ፈጽሞ አይሞከርም። በዚያ ግምት ላይ ተመሥርቶ መድኃኒት ሊታዘዝ ይችላል።

ታካሚዋ ለሲኒየሩ ሌላ መልስ ሰጠች። "ትኩሳት የለም" ብላችሁ አቅርባችኋል፤ እሷ "ሌሊት ሌሊት ያተኩሰኛል" አለች። ይህ በየቀኑ የሚያጋጥም ነው። አትከራከሩ፤ "ትናንት ነግራኝ አልነበረም" እያላችሁም እሷን አታሳጡ። ጻፉት። ከዚያ አሰስመንቱ ይነካል ወይ ብላችሁ አስቡ። በእኛ ኬዝ በጣም ይነካል፤ የቫልቭ ኢንፌክሽን ወደ ላይ ይወጣል፣ ብለድ ካልቸር የሚለው ጥያቄም ይመጣል።

"አሳጥረው" ተባላችሁ። ወዲያው ወደ አሰስመንቱ ዝለሉ። መጀመሪያ የጻፋችሁት ስለሆነ ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል። ከሱ በኋላ የሚፈልጉትን ራሳቸው ይጠይቃሉ።

ሌሊት ሁኔታዋ ተለወጠ። ጠዋት ስትገቡ የሚያስፈልጋት ኦክስጅን ጨምሯል ወይም ግራ ተጋብታለች። ስክሪፕቱን ተዉትና መጀመሪያ ለኢንተርኑ ንገሩ። ራውንድ እስኪደርስ ተጠብቆ የሚቀርብ ነገር አይደለም። ከዚያ የስክሪፕቱ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ይሄ ይሁን።

## ደረጃ 10፦ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ

የክትትሉ ስክሪፕት አምስት መስመር ነው። ማን ናትና ስንተኛ ቀኗ ነው፤ ሌሊት ምን ሆነ፣ እሷስ ምን ትላለች፤ ቁጥሮች ከትናንቱ ጋር፤ ምርመራ ላይ የተለወጠው ብቻ፤ ተሻላት፣ ባሰባት ወይስ ባለችበት ነው፣ ስለዚህስ ምን ይደረግ።

> አልጋ 7፣ አራተኛ ቀኗ፤ መድኃኒት በማቋረጥ የተባባሰ የልብ ድካም፣ ሚትራል ስቴኖሲስና ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ያለባት። ሌሊቱን ጋደም ብላ ተኝታለች፣ አዲስ ቅሬታ የላትም። ምት ከልብ ላይ 128 የነበረው 92 ሆኗል፣ ትንፋሽ 22፣ ሳቹሬሽን ያለ ኦክስጅን 92። ባለፉት 24 ሰዓታት 2.4 ሊትር ሸንታለች፤ ክብደቷ ከ47 ወደ 44.5 ኪሎ ወርዷል። ክሬፒቴሽኑ ግርጌ ላይ ብቻ ቀርቷል፣ እብጠቱ ቁርጭምጭሚት ላይ ነው። ፖታሲየም ከ3.3 ወደ 3.9፣ አይኤንአር 1.4። እየተሻላት ነው። ፉሮሴማይድ ወደ አፍ እንዲቀየር፣ አይኤንአር ከነገ ወዲያ እንዲደገም ሐሳብ አቀርባለሁ።

ክብደትና የሽንት መጠን ካልተለካ ይህ ስክሪፕት አይሠራም። አስታማሚዋን ማታውኑ አነጋግሩ፤ ምልክት ያለው ጠርሙስ ወይም ጆግ ስጧትና ሽንቱን ሳይደፋ እንድትለካ አሳዩዋት። ሚዛኑ ዋርዱ ውስጥ አንድ ብቻ ከሆነ ጠዋት በተመሳሳይ ሰዓት፣ ቁርስ ሳትበላና ጋቢዋን አውልቃ እንድትመዘን አድርጉ። አንድ ቀን ከነጋቢው፣ አንድ ቀን ያለጋቢው ከተመዘነች ቁጥሩ ምንም አይነግራችሁም።

የትናንቱን ስክሪፕት አትጣሉት፤ ታጥፎ ኪስ ውስጥ ይቆይ። "ከትናንት ጋር ሲነጻጸርስ?" የሚል ጥያቄ ሲመጣ ቻርት ማገላበጥ አያስፈልጋችሁም። ታካሚዋ ስትወጣ ግን ወረቀቶቹን በሙሉ ቅደዱና ጣሉ።